የጎደለው 188 ካርቶን ዘይት

የመጋዘን ቆጠራ ከመዝገብ ጋር አልገጥም ሲል ከሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ተሰረቀ» የሚለው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው በሹክሹክታ ነው፦ «ለማንም ሳይሰማ ካርዱን እናስተካክለው»። የመጀመሪያው ንጹሕ ሰው ያስወነጅላል። ሁለተኛው ግን ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ዱካ ያጠፋል፤ እኔ ከሁለቱ የበለጠ የምፈራው ይሄኛውን ነው። በስህተት የተወነጀለ ሰው ነገሩ ሲጣራ ነፃ ሊወጣ ይችላል። ካርዱ ከተፋቀ በኋላ ግን ማንም ምንም ማጣራት አይችልም።

ነገሩ በተለይ የሚከብደው ዕቃው የአንዱ፣ መጋዘኑ የሌላው ሲሆን ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ምርታቸውን በየክልል ከተማው ባለ አከፋፋይ መጋዘን በአደራ ያስቀምጣሉ። አከፋፋዩ ሸጦ ገንዘቡን ያስገባል፣ ኮሚሽኑን ይወስዳል፤ ያልተሸጠው ግን እስከ መጨረሻው የፋብሪካው ንብረት ነው። ስለዚህ አንድ ክምር ዕቃ ሁለት መዝገብ አለው ማለት ነው። አንዱ አዲስ አበባ ባለው የፋብሪካው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ሌላው ከክምሩ አጠገብ የሚንጠለጠለው፣ የመጋዘን ሠራተኛው በእጁ የሚሞላው ቢን ካርድ ነው። ሁለቱን የሚጽፉት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ የሚጽፉትም በተለያየ ሰዓትና በተለያየ ወረቀት ላይ ተመሥርተው ነው። ሁልጊዜ እኩል ይሆናሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ የስህተቶቹ ዓይነት ግን በዚህ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። ሐዋሳ ያለ አንድ አከፋፋይ የቃሊቲ ዘይት ፋብሪካን ምርት በአደራ ይዟል። ዕቃው ሁለት ዓይነት ነው፦ 12 ጠርሙስ የሚይዝ ባለ 1 ሊትር ካርቶን እና 4 ጠርሙስ የሚይዝ ባለ 3 ሊትር ካርቶን። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ካርቶኖች የሚይዙት 12 ሊትር ነው፣ መጠናቸውም ቀለማቸውም ይቀራረባል። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ በሆነው ሰኔ 30 ቆጠራ ተደረገ። ፋብሪካው በላከው ሪፖርት ላይ ባለ 1 ሊትሩ 1,240 ካርቶን ነው፤ መሬት ላይ የተገኘው 1,052። የጎደለው 188 ነው። በአንጻሩ ባለ 3 ሊትሩ በመዝገብ 610 ሆኖ ሳለ 634 ተገኘ፤ 24 ትርፍ አለው።

የአከፋፋዩ ሥራ አስኪያጅ በዚህ ጊዜ ምን ያድርጉ? ትርፉን ከጉድለቱ ላይ ቀንሰው «በድምሩ 164 ጎደለ» ማለት ይችላሉ፤ ይሄ ትልቅ ስህተት ነው። ሁለቱ የተለያየ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች ናቸው፣ ትርፉም ራሱ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። እንደ አንዳንዱ ሰው ፋብሪካው እስኪጠይቅ ዝም ማለትም ይችላሉ። የጨዋው መንገድ ግን ያዩትን እንዳዩት በማግስቱ ጽፎ መላክ ነው። ደብዳቤው ይህን ይመስላል፦

«ቀን፦ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፋብሪካው የሽያጭና ሥርጭት መምሪያ

ጉዳዩ፦ በሐዋሳ መጋዘን የታየ የቆጠራ ልዩነትን ስለማሳወቅና በጋራ እንዲመሳከር ስለመጠየቅ

ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በሐዋሳ መጋዘናችን በአደራ የያዝነውን ምርታችሁን ቆጥረናል። በዕለቱ ዕቃ አልገባም፣ አልወጣም። ከቆጠራው በፊት የተቆረጠው የመጨረሻው የገቢ ደረሰኝ ቁጥር 0412፣ የመጨረሻው የወጪ ደረሰኝ ቁጥር 2877 ነው።

ባለ 1 ሊትር ዘይት፦ ከእናንተ በደረሰንና በአናቱ ላይ 30/06/2025 የሚል ቀን በተጻፈበት ሪፖርት 1,240 ካርቶን፤ በቢን ካርዳችን 1,080 ካርቶን፤ በቆጠራ የተገኘው 1,052 ካርቶን። ባለ 3 ሊትር ዘይት፦ በሪፖርቱም በካርዱም 610 ካርቶን፤ በቆጠራ የተገኘው 634 ካርቶን።

የልዩነቱ ምክንያት እስካሁን አልተጣራም። በካርዶቹ ላይ ምንም ማስተካከያ አላደረግንም፤ ጉዳት የደረሰባቸውን ካርቶኖች ለብቻ አስቀምጠናል፣ በቆጠራው ውስጥ አላስገባናቸውም። ስለሆነም በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ተወካያችሁ ከመጋቢት 30 ወዲህ ያሉትን የመላኪያ ሰነዶች ይዞ እንዲመጣና በሁለታችንም በኩል ከተፈረመበት ከመጋቢት 30ው ቆጠራ ተነስተን በጋራ እንድናመሳክር በአክብሮት እንጠይቃለን። ይህ ደብዳቤ ያየነውን ለማሳወቅ የተጻፈ ነው፤ ኃላፊነትን መቀበልም ሆነ በማንም ላይ ማላከክ አይደለም።

ከሰላምታ ጋር»

ደብዳቤው አጭር ነው፣ ግን እያንዳንዱ መስመር ሥራ አለው። የደረሰኝ ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ቆጠራ ማለት እንደ ፎቶግራፍ የአንዲት ቅጽበት ምስል ነው፤ ያቺ ቅጽበት የት ላይ እንዳለች የሚነግሩን እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ከ2877 በፊት የወጣው ዕቃ ከክምሩ ተቀንሷል፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ገና አልተቀነሰም። ይህ ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ ከሳምንት በኋላ «ያ መኪና ከቆጠራው በፊት ነው የጫነው ወይስ በኋላ?» ተብሎ ይከራከራሉ፣ ሁለቱም ወገን በልበ ሙሉነት ይሳሳታል።

«ጠፋ» ወይም «ተሰረቀ» የሚል ቃል በደብዳቤው ውስጥ የለም። ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ምክንያቱ ሳይታወቅ «ጠፋ» ብሎ የፈረመ አከፋፋይ በኋላ ወረቀቱ ሁሉ ቢስተካከልለት እንኳ በራሱ ፊርማ ተይዟል። ደግሞ ሥራ አስኪያጁ የሪፖርቱን ቀን «ሰኔ 30» ብለው አልተረጎሙትም፤ ወረቀቱ ላይ ያዩትን 30/06/2025 እንዳለ ገልብጠውታል። ይህች ትንሽ ጥንቃቄ ምን እንዳተረፈች ከታች እናያለን።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ደብዳቤው ከሁለት ይልቅ ሦስት ቁጥር መስጠቱ ነው፦ የፋብሪካው 1,240፣ የካርዱ 1,080፣ የመሬቱ 1,052። ሦስቱ ሲደረደሩ 188ቱ ለሁለት ይከፈላል። በፋብሪካው ሪፖርትና በካርዱ መካከል 160 አለ፤ ይህ በወረቀትና በወረቀት መካከል ያለ ልዩነት ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይፈታል፣ አንድ ካርቶን መንካት አያስፈልግም። በካርዱና በመሬቱ መካከል ያለው 28 ብቻ ነው፤ መጋዘን ገብቶ መፈለግ የሚያሻው ለዚህ ነው። ይህን ሳይለዩ 188ቱን በሙሉ መጋዘን ውስጥ ሲፈልጉ የሚውሉ ሰዎች አሉ። የሌለ ነገር ደግሞ ቢፈለግ አይገኝም።

የፋብሪካው ሒሳብ ሠራተኛ ሰነዱን ይዛ ሐዋሳ መጣች እንበል። በመጀመሪያ ሁለቱም የመጋቢት 30ውን የተፈረመ ቃለ ጉባኤ አወጡ። በዚያን ቀን ሁለቱ መዝገቦች እኩል ነበሩ፣ ስለዚህ ልዩነቱ የተፈጠረው ከዚያ ወዲህ ነው። መነሻው ላይ ካልተስማሙ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ የፋብሪካውን የመላኪያ ሰነድ ከመጋዘኑ የገቢ ደረሰኝ ጋር፣ የሽያጩን ሪፖርት ከወጪ ደረሰኙ ጋር አንድ በአንድ እየጠሩ ምልክት ያደርጋሉ። በሁለቱም በኩል ያለው ላይ ጭረት ይደረጋል፤ ጭረት ያጣው መስመር ሁሉ ጥያቄ ነው።

ብዙም ሳይቆዩ ከሰኔ 24 ጀምሮ ያሉት የወጪ ደረሰኞች በሙሉ በፋብሪካው ሪፖርት ላይ እንደሌሉ ታየ። ለምን? አዲስ አበባ ያለው ባልደረባዋ «የሰኔ 30ን ባላንስ አውጣ» ሲባል ኮምፒዩተሩ ላይ 30/06 ብሎ መትቷል። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወር ነው፤ ጁን 30 ደግሞ በእኛ ሰኔ 23 ነው። የእኛ ሰኔ 30 ጁላይ 7 ላይ ይውላል። በመካከል ያሉት ሰባት ቀናት ከሪፖርቱ ውጭ ቀሩ። በዚያ ሳምንት ከመጋዘኑ 160 ካርቶን ባለ 1 ሊትር ወጥቷል፣ ፋብሪካው ደግሞ 40 ካርቶን ልኬያለሁ ብሎ መዝግቧል። ሪፖርቱ በትክክለኛው ቀን ሲወጣ 1,240 የነበረው 1,120 ሆነ። 120 ካርቶን በአንድ የቀን ስህተት ተመለሰ። ደብዳቤው ላይ 30/06/2025 ተብሎ እንዳለ ባይገለበጥ ኖሮ ይህን ለማግኘት ከግማሽ ቀን በላይ ይፈጅ ነበር። ወረቀት ሁሉ በሁለት ዘመን አቆጣጠር በሚጻፍበት አገራችን ይህ ብርቅ ስህተት አይደለም።

የተላከው 40 ካርቶንስ የት ደረሰ? መኪናው ሰኔ 30 አመሻሽ ላይ ከቃሊቲ ወጣ። ፋብሪካው ዕቃው ከበሩ እንደወጣ ሐዋሳ እንደደረሰ አድርጎ መዘገበው። መኪናው ሐዋሳ ገብቶ ያራገፈው ግን ሐምሌ 1 ነው፣ የገቢ ደረሰኙም በዚያው ቀን ነው የተቆረጠው። በቆጠራው ሰዓት ዕቃው ገና ከቃሊቲ አልተነሳም ነበር። ይህ በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ ይባላል፤ ለብቻው ተጽፎ ይያዛል እንጂ ጉድለት አይደለም። የገቢ ደረሰኙ ላይ ያለው ብዛትና የባች ቁጥር ከመላኪያው ጋር መግጠሙን ማየት ግን ግድ ነው፤ «መንገድ ላይ ነው» የሚለው ምክንያት ያለ ሰነድ ከተወሰደ ማንኛውንም ቀዳዳ ሊሸፍን ይችላል። አሁን ሁለቱ መዝገቦች ገጠሙ፦ 1,080።

ቀሪው 28 የመጋዘኑ ነው። እዚህ ላይ ከመቁጠር በፊት ስለ አቆጣጠር አንድ ነገር ልበል። ቆጣሪው የመዝገቡን ቁጥር አይቶ ከገባ ዓይኑ ያንኑ ቁጥር ፍለጋ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዳግም ሲቆጠር ባዶ ቅጽ ይሰጠዋል፣ የፋብሪካዋ ተወካይና የመጋዘን ሠራተኛው ለየብቻ ቆጥረው በመጨረሻ ያስተያያሉ። ክምር በፊት ለፊቱ ብቻ አይቆጠርም፤ አምስት በአምስት የተደረደረ የሚመስል ክምር መሀሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ በተንኮል ነው። ብዙ ጊዜ ግን አውራጁ ከመሀል መዝዞ ስለወሰደ ነው። የተቆጠረው ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። እንዲህ ተደርጎ ሲቆጠር 1,052 እና 634 ጸና፤ ቆጠራው ትክክል ነበር።

ባለ 3 ሊትሩ በ24 መትረፉ፣ ባለ 1 ሊትሩ ደግሞ ከ24 በላይ መጉደሉ አንድ ነገር ይጠቁማል፦ አንዱ በሌላው ስም ወጥቷል። ጥቆማ ግን ማስረጃ አይደለም። ከመጋቢት 30 ወዲህ ባለ 3 ሊትር 24 ካርቶን የወጣበት ደረሰኝ ተፈለገ፤ አንድ ብቻ ተገኘ፣ ሻሸመኔ ላለች ባለሱቅ። የመጋዘን ሠራተኛው ስልክ አንስቶ ደወለ። «እትዬ፣ በግንቦት የወሰዱት 24 ካርቶን ባለ ሦስቱ ነው ወይስ ባለ አንዱ?» «ባለ አንዱ ነው እንጂ የኔ ልጅ! እኔ የጠየቅኩት ባለ ሦስቱን ነበር። ሊትሩ እኩል ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ።» ሱቋ ውስጥ የቀሩት ካርቶኖች የባች ቁጥር በስልክ ተነበበ፤ የባለ 1 ሊትር ነው። ደረሰኙ ባለ 3 ብሎ ወጥቷል፣ መኪናው ላይ የተጫነው ባለ 1 ነው።

በዚህ መንገድ ትርፉም ተዘጋ፣ ጉድለቱም ከ28 ወደ 4 ወረደ። ሥራው ግን እዚህ አያበቃም። ባለሱቋ የከፈለችው የባለ 3ቱን ዋጋ ነው። የሁለቱ ዋጋ ስለሚለያይ ደረሰኙ ተሰርዞ በትክክለኛው መተካት፣ የዋጋው ልዩነትም ለእሷ መታሰብ አለበት። ካርቶኑን ብቻ አስተካክሎ ገንዘቡን የረሳ ማመሳከር በሚቀጥለው ወር በሒሳብ ክፍል በኩል ተመልሶ ይመጣል።

ከአራቱ ሁለቱ ጥግ ላይ ነበሩ። ጠርሙሳቸው ፈስሶ ካርቶኑ በዘይት ርሷል። ሠራተኛው ተቆጣጣሪ መጥቶ እስኪያይለት ብሎ ለብቻ አስቀምጧቸዋል፣ የጉዳት ማስታወሻ ግን አልጻፈም፤ ስለዚህ ካርዱ ላይ እንደ ደህና ዕቃ ተቆጥረው ይኖራሉ። ተከፍተው በጠርሙስ ተቆጠሩ፣ ደህናውና የፈሰሰው ተለይቶ ተጻፈ፣ የሁለቱም ወገን ተወካዮች ፈረሙ።

የቀሩት ሁለት ካርቶኖች ምክንያት አልተገኘላቸውም። ወረቀቱ ሁሉ ገጥሟል፣ ክምሩ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፣ እነሱ የሉም። ይህ ነው እውነተኛው ጉድለት። ከ188 ውስጥ 2። ቃለ ጉባኤው ላይ ያለ ማለባበስ «ምክንያቱ ያልታወቀ ጉድለት» ተብሎ ይጻፋል፤ ማን ይክፈል የሚለውን የሚወስነው የአደራ ውሉ ነው። በመቶኛ የተወሰነ ጉድለትን ባለንብረቱ እንዲሸከም የሚፈቅድ ውል አለ፣ አንዲት ጠርሙስ ሳትቀር አከፋፋዩ ይተካ የሚልም አለ።

አከፋፋዩ በተራው ከመጋዘን ሠራተኛው ደመወዝ ላይ ልቁረጥ ቢልስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ይህን በአሠሪው ፈቃድ ብቻ አይተወውም። ከደመወዝ ላይ ለመቁረጥ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ከሲሶ መብለጥ የለበትም። በመጀመሪያው ቀን «188 ጎደለ» ተብሎ ሠራተኛው ቢፈርምና ዋሱ ቢጠራ ኖሮ ምን ሊደርስበት እንደነበር አስቡት።

የጋራ ማመሳከር የማይደርስበትም አለ። ሁለቱንም ወረቀት የሚያዘጋጀው አንድ ሰው ከሆነ፣ ወይም አከፋፋዩና የፋብሪካው ሽያጭ ሠራተኛ ተስማምተው ከሆነ ሰነዱ ሁሉ ይገጥማል፤ ችግሩም መግጠሙ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ልክ ከሻሸመኔዋ ባለሱቅ ጋር እንደተደረገው ከሦስተኛ ወገን መጠየቅ ነው፤ ደዋዩም ሰነዱን ካልጻፈው ሰው ቢሆን ይመረጣል። በእኛ ምሳሌ ውስጥ የመጋዘን ሠራተኛው ራሱ መደወሉ እውነቱን ለመናገር ድክመት ነው፤ የፋብሪካዋ ሒሳብ ሠራተኛ ስልኩን ተቀብላ መስማቷ ትንሽ ያክመዋል። ሌላው ጠላት ጊዜ ነው። የግንቦትን ጭነት ባለሱቋ በሐምሌ ታስታውሰዋለች። በጥር ብትጠየቅ ካርቶኑም ተሸጦ አልቋል፣ እሷም ረስታለች።

በመጨረሻ በሦስት ቅጂ የተዘጋጀው ቃለ ጉባኤ ላይ አምስቱ መስመሮች ይሰፍራሉ፦ በቀን ስህተት 120፣ በመንገድ ላይ የነበረ 40፣ በዓይነት መቀያየር 24፣ ጉዳት የደረሰበት 2፣ ያልታወቀ 2። ካርዱና ኮምፒዩተሩ የሚስተካከሉት ይህ ከተፈረመ በኋላ ነው፤ እያንዳንዱ ማስተካከያም የቃለ ጉባኤውን ቁጥር ይዞ ይመዘገባል። የዕለቱ ቆጠራ ደግሞ ለሚቀጥለው ማመሳከር የተስማሙበት መነሻ ይሆናል።

ዕቃችሁን በሰው መጋዘን ያስቀመጣችሁ፣ ወይም የሰው ዕቃ በመጋዘናችሁ የያዛችሁ ሁሉ፦ ቆጠራው ሳይጀመር የመጨረሻዎቹን የገቢና የወጪ ደረሰኝ ቁጥሮች በሁለታችሁም ፊርማ ያዙ፤ የሚላክላችሁ ሪፖርት ላይ ያለው ቀንም የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ አስቀድማችሁ ጠይቁ።